ስቴትመንቱ «ከስረሃል» ይላል፣ ስራው ግን ይሄዳል፦ የግልና የስራ ወጪ ሲቀላቀል

ምልክቱ

አንድ አናጢ የአንድ ወር የባንክ ስቴትመንቱን ይዞ መጣ። ወሩ ሲጀምር ሂሳቡ ውስጥ 18,000 ነበረ። 96,000 ገባ፣ 101,000 ወጣ፣ 13,000 ቀረ። «ትዕዛዝ ሞልቷል፣ ግን 5,000 ከስሬያለሁ» አለኝ።

አልከሰረም። ስቴትመንት የሚያውቀው መግባትና መውጣትን ነው፤ ትርፍና ኪሳራን አያውቅም።

ምክንያቱ

ስራውም ቤቱም የሚተዳደሩት ከአንድ ሂሳብ ነው። ባለቤቱ ለራሱ የሚያወጣው ገንዘብ ደግሞ የስራ ወጪ አይደለም። የሂሳብ ሰዎች ድሮዊንግ ይሉታል። ትርፉን አይነካም፤ የሚቀንሰው ባለቤቱ ስራው ውስጥ ያለውን ካፒታል ነው። «ለራሴ ደሞዝ ከፈልኩ» ብሎ ቢመዘግበውም ያው ድሮዊንግ ነው፤ የግል ነጋዴ የራሱ ተቀጣሪ አይሆንም።

ከገቢው ጀምሩ

ብዙ ሰው በቀጥታ ወጪው ላይ ይዘምታል። ገቢውም ግን ይዋሻል። ከ96,000ው ውስጥ ሽያጩ 84,000 ብቻ ነው። 10,000ውን አናጢው ራሱ ከቁጠባ ደብተሩ ያዛወረው ነው፤ ባለቤቱ የጨመረው ካፒታል እንጂ ሽያጭ አይደለም። 2,000 ደግሞ የተሰነጠቀ ጣውላ ሲመልስ አቅራቢው የመለሰለት ነው። እሱ ከእንጨት ወጪው ላይ ይቀነሳል።

ቀላሎቹ ወጪዎች

እንጨት 41,000 እና የወርክሾፕ ኪራይ 9,000 የስራ ናቸው። ለሚስቱ የላከላት 12,000 እና የልጆች ትምህርት ቤት 8,000 የግል። እነዚህ አያከራክሩም።

በካርድ የተከፈለች አንዲት 5,000 ግን ነበረች። ስቴትመንቱ የሱቁን ስም እንጂ የተገዛውን ዕቃ አይነግራችሁም። ደረሰኙ ሲገኝ 1,800ው የብርጭቆ ወረቀትና ቫርኒሽ፣ 3,200ው የቤት ዕቃ ሆነ። እንዲህ ያለውን መስመር ለሁለት ክፈሉት። የ1,000 የስልክ ክፍያውንም የወሩን ጥሪዎች አይተን 60 በመቶውን ለስራ፣ ቀሪውን ለግል አደረግነው። ስሌቱን የሆነ ቦታ ጻፉት፤ ከዓመት በኋላ «60 ከየት መጣ?» የሚል አይጠፋም።

ዋናው ራስ ምታት፦ የኤቲኤም መስመሮች

በአምስት ጊዜ 25,000 ከኤቲኤም ወጥቷል። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አለ፤ ሁሉንም «የስራ» የሚል እና ሁሉንም «የግል» የሚል። ሁለቱም ይሳሳታሉ። ከማሽን የወጣ ገንዘብ ገና ወጪ አልሆነም፤ ከባንክ ወደ መሳቢያ ተዛወረ እንጂ።

ስለዚህ መሳቢያውን እንደ ሁለተኛ ሂሳብ ያዙት። 25,000ው መጀመሪያ እዚያ ይግባ። ከዚያ ማስረጃ ያለውን አውጡ፦ ረዳቱ ፈርሞ የወሰደው 6,000፣ የጭነት 3,000፣ ሚስማርና ኮላ 2,500። ድምሩ 11,500። ወሩ ሲያልቅ መሳቢያው ሲቆጠር 1,500 ተገኘ። ማስረጃም መሳቢያም ያላሳዩት 12,000 ድሮዊንግ ነው። አናጢው ትንሽ ተከራከረ፤ በምን እንደጠፋ ግን ማስታወስ አልቻለም።

የእሱ መሳቢያ ወሩን በባዶ ስለጀመረ ቀለለን። እናንተ ዘንድ ከባለፈው ወር የተረፈ ጥሬ ገንዘብ ካለ፣ ወይም ደንበኛ በእጅ የሚከፍል ከሆነ፣ እሱም መሳቢያው ላይ ይደመር። በእጅ የተከፈለው ስቴትመንቱ ላይ ባይታይም ሽያጭ ነው።

ልክ መሆኑ በምን ይታወቃል?

የስራ ወጪው 39,000 እንጨት፣ 9,000 ኪራይ፣ 11,500 ከመሳቢያ፣ 1,800 ከካርድ፣ 600 ስልክ፤ በድምሩ 61,900። ከ84,000 ሲቀነስ 22,100 ትርፍ። ድሮዊንጉ በሙሉ 35,600።

አሁን ትርፉ ላይ ባለቤቱ የጨመረውን ደምራችሁ ድሮዊንጉን ቀንሱ።

```
22,100 + 10,000 - 35,600 = -3,500
```

ባንኩ በ5,000 ቀንሷል፣ መሳቢያው በ1,500 ጨምሯል፤ እሱም -3,500 ነው። ገጠመ። ይህ የሚያረጋግጠው ግን የገንዘቡን እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ያልተከፈለ የዱቤ ሽያጭና ያላለቀ እንጨት ካለ የወሩ ትክክለኛ ትርፍ ለየብቻ መስተካከል አለበት።

ካልገጠመስ?

እኛም መጀመሪያ በ1,500 ተለያይቶብን ነበር። ባንኩን ብቻ አይተን መሳቢያውን ረስተናል። እናንተም ከዚያ ጀምሩ። መሳቢያው ልክ ከሆነ ልዩነቱን ለሁለት አካፍሉና የደረሳችሁበትን ቁጥር ስቴትመንቱ ላይ ፈልጉ፤ ወጪው ገቢ ተብሎ ከተጻፈ ልዩነቱ የመስመሩ እጥፍ ይሆናል። ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ ደግሞ የሆነ ቦታ አሃዞች ተገለባብጠው ይሆናል፤ 540 ተብሎ የተጻፈ 450 ዓይነት። ሁለቱም ካልሆነ በራሳችሁ ሂሳቦች መካከል የተዛወረውን ገንዘብ ሁለት ጊዜ ቆጥራችሁ እንደሆነ እዩ።