የምስክር ወረቀት የሌለው ጋብቻ በፍርድ ቤት እንዴት ይረጋገጣል?

በሽምግልና፣ በቁርባን ወይም በኒካህ የተጋቡ ብዙ ሰዎች እጃቸው ላይ ወረቀት የላቸውም። አንደኛው ሲሞት ወይም ጠብ ሲነሳ የሚሰሙት የመጀመሪያ ቃል «ጋብቻችሁ አልተመዘገበምና ሕጋዊ አይደለም» የሚል ነው። ይህ ስህተት ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል የሚፈጸሙትን ሦስቱንም ጋብቻዎች ይቀበላል፤ ውጤታቸውም እኩል ነው። ምዝገባ ግዴታ ቢሆንም አለመመዝገቡ ብቻውን ጋብቻውን አያፈርሰውም፤ ከባድ የሚሆነው ማስረዳቱ ነው። አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ስለሆነ፣ ክልል ያላችሁ የክልላችሁን የቤተሰብ ሕግ ተመልከቱ።

በመጀመሪያ የምትጠይቁትን ለዩ። አንድ ሴትና አንድ ወንድ ጥር 2010 ዓ.ም. በሽማግሌ ተጋቡ እንበል። በ2011 ዓ.ም. በእሱ ስም ቤት ገዙ፣ ሰኔ 2012 ዓ.ም. እሱ ሞተ። ወንድሞቹ «አብረው ይኖሩ ነበር እንጂ ሚስቱ አይደለችም» አሉ። ጋብቻው ከተረጋገጠ ቤቱ በትዳር ውስጥ የተገኘ ነውና የጋራ እንደሆነ ይገመታል፤ ተቃራኒው ካልተረጋገጠ ግማሹ የእሷ ነው። ፍርድ ቤቱ ግን ግንኙነቱን ጋብቻ ሳይፈጸም እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖር ነው ካለ፣ የጋራ ንብረት የሚኖረው ግንኙነቱ ቢያንስ ሦስት ዓመት ከቆየ ነው። የእነሱ ደግሞ ሦስት ዓመት አልሞላም። ስለዚህ አቤቱታው ላይ «አብረን እንኖር ነበር» ብሎ መጀመር ትልቅ ጉዳት ነው። «ጥር 2010 ዓ.ም. በባህል ሥርዓት ተጋብተናል» ብላችሁ ቀኑን፣ ቦታውንና ሽማግሌዎቹን ጻፉ።

ወረቀት ሰብስቡ፦ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የሰጠው ማስረጃ፣ የልጆች የልደት ወይም የክርስትና ወረቀት፣ የወረዳ የቤተሰብ ቅጽ፣ የእድር መዝገብ፣ የሠርግ ፎቶ።

አሁን ዋናው ሥራ ምስክር ነው። የጋብቻ ምስክር ወረቀት ከሌለ ሕጉ «የትዳር ሁኔታ» መኖሩን በምስክር ማስረዳት ይፈቅዳል (አንቀጽ 95 እስከ 97)። ሁለት ነገር መታየት አለበት፦ ሁለቱ እርስ በርስ እንደ ባልና ሚስት ተያይተው መኖራቸው፣ ቤተሰባቸውና ማኅበረሰቡም እንዲያ አድርጎ መቀበሉ። ብዙ ክስ የሚወድቀው ሁለተኛው ላይ ነው። «አንድ ቤት ሲኖሩ አይቻለሁ» የሚል ጎረቤት ብቻውን የሚያስረዳው አብሮ መኖርን ነው፤ ያ ደግሞ ያለ ጋብቻም ይሆናል።

ከላይ ባለው ምሳሌ የምትፈለገው ምስክር እንዲህ የምትል ናት፦ «ሽማግሌዎቹ ወደ አባቷ ቤት ሲመጡ ነበርኩ፤ አባቷ ልጄን ሰጥቻለሁ አሉ። ከዚያ በኋላ የእሱ እናት ምራቴ እያሉ ነበር የሚጠሯት፤ እናትየው ሲያርፉም ለቅሶ የተቀመጠችው ከልጆቹ ጋር ነው።» እዚህ ላይ ሥርዓቱም፣ የባል ወገን አቀባበልም፣ የጎረቤት እይታም አለ። በጣም የሚጠቅመው ከባል ወገን የሚገኝ ምስክር ነው፤ የሚስት እህቶች ብቻ ከቀረቡ ሌላው ወገን ለማጣጣል አይቸገርም። ሽማግሌው ካሉ ሳታስቀሩ ጥሯቸው።

ምስክሮችን አታስጠኑ። ዳኛ «ማን ነገረህ?» ሲል ሁሉም በአንድ ዓይነት ቃል ከመለሱ እምነት ያጣል። የቀን ልዩነት ግን አስቀድሞ መጣራት አለበት፤ አቤቱታው ጥር ሲል ምስክሩ «ከፋሲካ በኋላ ነው» ካለ፣ በተለይ ንብረቱ የተገዛው በመካከል ከሆነ፣ ሙሉ ክሱ ይናጋል። ቀኑን የማያስታውስ ሰው «ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት» ቢል ይሻላል።

ተቃዋሚዎች ከሁሉ ይልቅ የሚፈልጉት ያልፈረሰ ቀድሞ የነበረ ጋብቻ ነው። ከነበረ የፍቺውን ውሳኔ ከመጀመሪያው አያይዙ፤ በሽምግልና ብቻ ተለያይታችሁ ከሆነ ክስ ከመክፈታችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ።

አቤቱታው ላይ የማስረጃ ዝርዝር (የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 223) ይያያዛል፤ እያንዳንዱ ምስክር ስለምን እንደሚመሰክር ጨምራችሁ ጻፉ። በኒካህ የተጋቡ ሰዎች ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ፤ ሌላው ወገን በዚያ ለመዳኘት ካልፈቀደ ግን መደበኛው ፍርድ ቤት ነው።

አቋራጭ የሚመስለው ወራሾቹን ሳይጠሩ የሚስትነት ማረጋገጫ ማውጣት ነው። በፍጥነት ይገኛል፤ ነገር ግን ያልተጠሩት ወራሾች በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 358 መቃወሚያ አቅርበው ሊያሰርዙት ይችላሉ። ክርክር እንደሚነሳ እያወቃችሁ ከሆነ ወራሾቹን ተጠሪ አድርጋችሁ ክሰሱ። ያኔ የሚሰጠው ፍርድ እነሱንም ያስገድዳል፤ የቤቱን ድርሻ ስታስከብሩ ስለ ጋብቻው እንደገና አያከራክሯችሁም።