ባክ ትራንስሌሽኑ ቃል በቃል ከገጠመላችሁ ቶሎ አትደሰቱ

እዚህ ጎንደር ለቴሲስ መጠይቅ የምትተረጉሙ ልጆች አንድ ነገር ልበላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት 20 ጥያቄ ያለው የአእምሮ ጤና መጠይቅ አለ አይደል፣ ኤስአርኪው የሚባለው፣ እሱ ውስጥ ሆድ ላይ ደስ የማይል ስሜት አለ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። እኛ "ሆድዎን ደስ የማይል ስሜት ይሰማዎታል?" ብለን አስቀመጥነው፣ መልሶ የተረጎመልን ልጅም ኦሪጅናሉን ሳያይ እንግሊዝኛውን ቁጭ አድርጎ መለሰው፣ በቃ አለቀ አልን። አዘዞ ሄደን አንዲት እናት ስንጠይቃቸው ግን "አዎ ልጄ፣ ልጄ አረብ አገር ከሄደች ወዲህ ሆዴን ባር ባር ይለኛል" አሉን። ሆድ እኮ በኛ ቋንቋ የሀዘንም ቤት ነው! ጥያቄው የጠየቀው ስለ አካል ነበር፣ መልሱ የመጣው ስለ ናፍቆት። ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ግን ይሄ ጭራሽ አይታይም፣ ምክንያቱም ቃል በቃል የተተረጎመ ነገር ቃል በቃል ይመለሳል።

ስለዚህ ከባክ ትራንስሌሽኑ በኋላ አምስት ስድስት ሰው ፈልጉና "ይሄን ጥያቄ በራስዎ አባባል ቢነግሩኝ? ምን አስበው ነው አዎ ያሉት?" በሏቸው። ተማሪ አትጠይቁ፣ እንግሊዝኛውን እየገመተ ይመልስላችኋል። እኛ መጨረሻ ላይ "ሀዘን ወይም ናፍቆት ሳይሆን፣ ሆድዎ ላይ በአካል የሚሰማዎት የምቾት ማጣት አለ?" አልነው። ጨጓራ እንዳትሉት ደግሞ፣ የምግብ አለመፈጨት ለብቻው ሌላ ጥያቄ አለው። ከቀየራችሁ በኋላ የተቀየረውን ጥያቄ ሌላ ሰው እንደገና ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው።