የቦርሳው ስፌት በፎቶ ሲዛባ፦ ጥፋቱ የክሩ ነው የካሜራው?

ችግር፦ ስፌቱ በአንድ በኩል ጥቅጥቅ፣ በሌላው በኩል ሳሳ ብሎ ይታያል

ድሬዳዋ ውስጥ የቆዳ ቦርሳ እጠግናለሁ። ውድ ቦርሳ ሊገዙ ያሰቡ ሰዎች በብዛት የሚልኩልኝ ፎቶ ይሄ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የካሜራው ነው። ስልኩ ዘመም ካለ ለሌንሱ የቀረበው ስፌት ትልቅና የተራራቀ ይመስላል፣ የራቀው ደግሞ ትንሽና የተጠጋጋ።

በቅርቡ ከከዚራ አንዲት እህት «ወንድሜ፣ ልሸወድ ነው መሰለኝ» ብላ ፎቶ ላከችልኝ። ማንጠልጠያው ላይ በእኩል ስፋት በግራ 8፣ በቀኝ 11 ስፌት ቆጠርኩ። እንደገና አንሺው አልኳት። ቦርሳውን አስተኝታ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር እዛው ቆዳው ላይ ከስፌቱ ጎን ዘርግታ፣ ስልኩን ከስንዝር በላይ አርቃ፣ ከላይ ቀጥ አድርጋ፣ በ2 እጥፍ ዙም። አሁን በሁለቱም ጫፍ 3 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 10 ስፌት ወጣ። ማንጠልጠያው ደህና ነበር።

ሜትሩን ጠረጴዛው ላይ አታስቀምጡ! ከቆዳው ዝቅ ካለ ልኬቱ ይዋሻል። ቀዳዳም አትቁጠሩ፤ 11 ቀዳዳ ማለት 10 ስፌት ነው። መጀመሪያና መጨረሻውንም ዝለሉ። እዛ ክሩ እንዳይተረተር ተደርቦ ስለሚሰፋ ሁሌም ይጠቀጠቃል።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። የታችኛው ማዕዘን በዚያው አነሳስ በ3 ሴንቲ ሜትር 7 ብቻ ሰጠ። ክሩ ወፈር ያለና የሚያብለጨልጭ ነው። ፎቶውን ሳሰፋው በስፌቶቹ መሃል ክር የሌላቸው አሮጌ ቀዳዳዎች አየሁ። ይሄ የካሜራ ስህተት አይደለም፤ ማዕዘኑ ተፈትቶ እንደገና ተሰፍቷል። ቦርሳው ኦሪጅናል ሊሆን ይችላል፣ «አልተነካም» የሚለው ሻጭ ግን ዋሽቷል። እንዲህ የሚሰፋ ሰው በጣም ያናድደኛል። በአሮጌው ቀዳዳ መሃል አዲስ ከተበሳ ቆዳው በመስመሩ ተቀዶ ይቀራል። መፍትሄው ፈትቶ፣ በድሮዎቹ ቀዳዳዎች፣ በተመሳሳይ ውፍረት ክር በእጅ መስፋት ነው። በማሽን አታስነኩት።

የክሩ ቀለም ከፎቶ ፎቶ ይለያያል፦ ብርሃኑ ነው። ጥላ ውስጥ፣ ነጭ ወረቀት አጠገብ አንሱት። የድሬ የቀትር ፀሐይ ክሩን ሁሉ ያነጣዋል።

ክሩ ተድበስብሷል፦ ቴሌግራም ጨምቆታል። እንደ ፋይል ላኩት።

ስፌቱ ጋደል ብሏል፦ ጉድለት አይደለም። እንደ ኤርሜስ በሁለት መርፌ በእጅ ሲሰፋ እንዲህ ይጋደላል።

በየቀዳዳው የታችኛው ክር ነጥብ ሆኖ ብቅ ይላል፦ የማሽኑ የክር ውጥረት አልተስተካከለም። በውድ ቦርሳ ላይ ይሄ ያጠራጥራል። ያም ሆኖ በስፌት ፎቶ ብቻ ብር እንዳትልኩ፤ መጀመሪያ የዚፑን፣ የብረቱንና የውስጥ ማህተሙን ፎቶ በዚሁ አነሳስ አስልኩ።