ከድሬ ተነስቶ ተራራ ላይ ለማደር፦ ስሊፒንግ ባግ ስትገዙ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

ድሬዳዋ ሆኖ ስሊፒንግ ባግ መምረጥ ከባድ ነው፤ ሙቀቱ ያዘናጋል። ታይዋን ገበያ ውስጥ ላብ እያጠመቃችሁ እጃችሁን ብታስገቡበት፣ የትኛውም ስሊፒንግ ባግ እሳት ይመስላል። ሻጩም ሽፋኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር እያሳየ «ወላሂ፣ እስከ ማይነስ 15 ይችላል!» ይላችኋል። ሰውየው እየዋሸ ላይሆን ይችላል። ጥያቄው «ይችላል» የተባለው ምኑን ነው የሚለው ነው።

ትልቁን ቁጥር አምኖ መግዛት

በደንብ የተሠራ ስሊፒንግ ባግ ውስጡ ወይም ማሸጊያው ላይ ትንሽ መለያ አለው። መለያው ላይ አይኤስኦ 23537 ወይም የድሮው ኢኤን 13537 የሚል ጽሑፍ ካያችሁ፣ ቁጥሮቹ በቤተ ሙከራ የተለኩ ናቸው። ልኬቱ የሚካሄደው እንደ ሰው አካል በሚሞቅ አሻንጉሊት ነው። አሻንጉሊቱ ረጅም የውስጥ ልብስና ካልሲ ይለብስና ማት ላይ ተጋድሞ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ የሚያጣው ሙቀት ይለካና ሦስት ቁጥሮች ይወጣሉ።

የመጀመሪያው ኮምፈርት ነው። አንዲት መደበኛ ሴት ዘና ብላ፣ ሳትኮራመት፣ ሳይበርዳት የምትተኛበት ሙቀት ነው። ሁለተኛው ሊሚት ይባላል። ይህ የተሰላው ለመደበኛ ወንድ ነው፤ ያውም ኩርምት ብሎ፣ ሳይንቀጠቀጥ ሌሊቱን የሚያልፍበት የመጨረሻው ወሰን። ሦስተኛው ኤክስትሪም ነው። እዚህ ላይ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። አንዲት ሴት ለ6 ሰዓት ያህል በብርድ ሳትሞት የምትቆይበት ግምት ነው፤ እጅና እግር በውርጭ ሊጎዳም ይችላል።

ሽፋኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ሊሚቱ ነው፤ ርካሾቹ ላይ ደግሞ ኤክስትሪሙ። ጭራሽ ሳይለካ የተጻፈም አለ። ስለዚህ ሽፋኑን ተዉትና መለያውን ፈልጉ። አንድ ቁጥር ብቻ ካለና የምን ቁጥር እንደሆነ ካልተጻፈ፣ እኔ ኤክስትሪም ነው ብዬ ነው የምወስደው።

ሌሊቱን በቀኑ መገመት

ከሐረር ወደ ምዕራብ ያለውን ጋራ ሙለታን እንውሰድ። ጫፉ ወደ 3,400 ሜትር ይጠጋል። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት። አየር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ልዩነቱ 2,200 ሜትር ስለሆነ ወደ 14 ዲግሪ ይመጣል። ታኅሣሥ ላይ ድሬ ንጋት ላይ 15 ዲግሪ ቢሆን፣ እላይ 1 ዲግሪ ገደማ ይቀራል ማለት ነው።

ሒሳቡ ግን እዚህ አያበቃም። በበጋ ሰማዩ ጥርት ሲል መሬት ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቃል፤ ቀዝቃዛው አየርም ወደ ጎድጓዳ ቦታ ይወርዳል። ጠዋት ሣሩ ላይ ነጭ ውርጭ የምታዩት ለዚህ ነው። እኔ ከስሌቱ ላይ ሌላ 5 ዲግሪ እቀንሳለሁ፤ ማይነስ 4 ይሆናል። ወደ ባሌ ሄዳችሁ 4,000 ሜትር አካባቢ ያለው ሳነቴ ላይ የምታድሩ ከሆነ፣ በዚሁ ስሌት ማይነስ 8 ይመጣል፤ ከዚያም ሊብስ ይችላል።

ለወንድም የበቃው ለእህትም ይበቃል ማለት

ለጋራ ሙለታው ሌሊት አንድ ወንድምና እህት ተመሳሳይ ስሊፒንግ ባግ ገዙ እንበል። ሽፋኑ «ማይነስ 4» ይላል። ሌሊቱም ማይነስ 4 ነው ተብሎ ተገምቷል። ልክ ልኩን የተገዛ ይመስላል፤ መለያው ሲነበብ ግን ኮምፈርት 2፣ ሊሚት ማይነስ 4 ነው።

ወንድምየው ወሰኑ ላይ ነው። በልቶ፣ ደርቆ፣ ተኮራምቶ ከተኛ ያልፍለታል። ደክሞት ወይም ራት ሳይበላ ከገባ ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነቃል። እህትየው ከሚያስፈልጋት 6 ዲግሪ ጎድሎባታል። መጀመሪያ እግሯ፣ ቀጥሎ ወገቧ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ መገላበጥ ነው። ይህ የብርቱና የደካማ ጉዳይ አይደለም። መለኪያው ራሱ ሁለቱን ለይቶ ነው ያስቀመጣቸው።

ትክክለኛው ምርጫ ለሁለቱም ኮምፈርቱ ማይነስ 4 ወይም ማይነስ 5 የሆነ ነው። የዚህ ሊሚት ብዙ ጊዜ ማይነስ 10 አካባቢ ይሆናል፤ ሽፋኑ ላይ የምታዩትም ይሄው ነው። ቢሞቃችሁ ዚፑን ትከፍታላችሁ። የብርዱን ግን እዚያ ሆናችሁ ምንም አታደርጉትም።

ከታች ያለውን መርሳት

ስሊፒንግ ባግ የሚያሞቀው በውስጡ በያዘው አየር ነው። ስትተኙበት ከስራችሁ ያለው ተጨፍልቆ አየሩ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ከመሬቱ የሚለያችሁ ማቱ ብቻ ነው። ቤተ ሙከራው አሻንጉሊቱን ወፍራም ማት ላይ ነው ያስተኛው። እናንተ ሰሌን ላይ ከተኛችሁ መለያው ላይ ያለው ቁጥር አይሠራም።

ማት ስትገዙ አር ቫልዩ የሚለውን ቁጥር እዩ፤ ማቱ ብርዱን ምን ያህል እንደሚከላከል የሚናገረው እሱ ነው። ውርጭ ለሚጥልበት መሬት 4 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ሁለት ማት ብትደርቡ ቁጥራቸው ይደመራል። ውድ ማት ካልተገኘ ሁለት ስፖንጅ ደርቡ፤ እርጥበት እንዳይገባ ከስር ማዳበሪያ አንጥፉ። ከስር የሚበርዳችሁ ከሆነ ከላይ ጋቢ መደራረብ ጥቅም የለውም። ብርዱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ወደ ጎን ዙሩ። መሬቱን የነካው ጎናችሁ ብቻ ከቀዘቀዘ ጥፋቱ የማቱ ነው።

ጉድለቱን በወፍራም ልብስ እሞላለሁ ማለት

ደረቅ የውስጥ ልብስ፣ ካልሲና ኮፍያ ይረዳል። ወፍራም ጃኬት ለብሳችሁ ጠባብ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ከተጠቀጠቃችሁ ግን ሙሌቱ ይጨፈለቃል፣ ይብስባችኋል። ጃኬቱን ከላይ ጣል አድርጉት። ደረቅ ጋቢም ከላይ ቢሆን ጥሩ ነው። ሙቅ ውሃ እግር ስር ማስቀመጥ ትልቅ እፎይታ አለው። ነገር ግን ሃይላንድ ውስጥ እንዳትጨምሩት፤ ፕላስቲኩ በሙቀት ይኮማተርና ያፈሳል። ክዳኑ የሚገጥም የብረት ኮዳ ተጠቀሙ።

ሰልባጅ ሳይፈትሹ መግዛት

ሰልባጅ ውስጥ ጥሩ ዕቃ ይገኛል፤ ያረጀ ግን ቁጥሩን አይጠብቅም። ከመጠቅለያው አውጡትና ግማሽ ሰዓት ዘርጉት። ካልተነፋ ሙሌቱ ሞቷል። ወደ ብርሃን አንሱትና እዩት፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ባዶ ቦታ ካለ ብርዱም በዚያ ይገባል። የላባ ከሆነ በእጃችሁ ዳብሱት፤ እንደ ኳስ የተጠቀለለ ነገር ከተሰማችሁ ረጥቦ ወይም በላብና በቅባት ተጣብቆ ነው። እንደዚያ ያለውን ከወደዳችሁት ከኮምፈርቱ ላይ 5 ዲግሪ ጨምራችሁ አስቡት። ኮምፈርት 0 የሚለውን 5 በሉት።

ቤት ስትመለሱም አምቃችሁ አልጋ ስር አታስቀምጡት። በፀሐይ አናፍሱት፣ ከዚያ ሰፊ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ልቅ አድርጋችሁ ስቀሉት።