ካሽባክ ከመቀበላችሁ በፊት ቴሌብራችሁን ክፈቱ

ጎንደር ውስጥ ስፖርት ውርርድ የምትጫወቱ፣ «ቪአይፒ ሆነሃል፣ 10 በመቶ ካሽባክ አለህ» የሚል መልእክት ሲመጣላችሁ መጀመሪያ የቴሌብር ታሪካችሁን እዩ። በወሩ ወደ ውርርድ አካውንቱ የላካችሁትን ደምሩ፣ ተመልሶ የገባላችሁን ቀንሱ። የቀረው ትክክለኛው ኪሳራችሁ ነው።

ብዙ ጊዜ ካሽባክ የሚታሰበው ከተበላችሁት ላይ ነው። 500 ብር ከሰጧችሁ 5,000 ተበልታችኋል ማለት ነው። እሱም ቢሆን ወዲያው ላይወጣ ይችላል። ደንቡ «5 ጊዜ ተወራረድበት» ካለ፣ ብሩን ለማውጣት የ2,500 ብር ውርርድ መቁረጥ አለባችሁ። ብዙ ሰው እዚያው ላይ ያልቅበታል።

ከውርርድ ድርጅቱ የሚደውልላችሁ «የግል አማካሪ»ም ትሁት ነው። በስማችሁ ይጠራችኋል፣ ለጥምቀት እንኳን አደረሳችሁ ብሎ ነጻ ውርርድ ይልካል። ልብ በሉ፣ ስልኩ የሚበዛው ጨዋታ ስታቆሙ ነው፤ ሥራው እናንተን መመለስ ነዋ። «የማስታወቂያ ጥሪና መልእክት አልፈልግም» ብላችሁ በጽሑፍ ላኩለት።

ሱፐርማርኬት ስትገዙ የሚሰጣችሁ ነጥብ ሌላ ነው፤ ያው የምትገዙት አስቤዛ ከሆነ ተጠቀሙበት። የተበላችሁትን ለማስመለስ መጫወት ከጀመራችሁ ግን ስሌቱ ብቻ አይበቃም፣ አካውንቱን አዘጉት።