የቃላት ፕሮብሌም ሲታረም፦ አሃድ ወይም ማጠቃለያ በጎደለው መልስ ላይ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ተማሪው ጥያቄውን በትክክል ተረድቶ፣ ቀመሩን አስቀምጦ፣ አስልቶም መጨረሻ ላይ ቁጥር ብቻ ጽፎ ካቆመ ስንት ማርክ ይገባዋል? በዚህ ጥያቄ ላይ የአንድ ትምህርት ክፍል መምህራን እንኳ ሲለያዩ ይታያል፤ የሚጎዳው ደግሞ ወረቀቱ በማን እጅ እንደሚታረም የማያውቀው ልጅ ነው።

አንድ ባለ 5 ማርክ ጥያቄ እንውሰድ፦ «ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። አንድ ሚኒባስ ይህን መንገድ በ50 ደቂቃ ቢጨርስ፣ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» የእርማት መስፈርቱ ለቀመሩና ቁጥሮቹን ለመተካት 2፣ ደቂቃውን ወደ ሰዓት ለመቀየር 1፣ ለስሌቱ 1፣ ከነአሃዱ ለተጻፈ መልስ 1 ማርክ ይሰጣል።

የመጀመሪያው ስህተት መልሱ አሃድ ስለሌለው ብቻ ጥያቄውን በሙሉ በዜሮ ማለፍ ነው። 50 ደቂቃን ወደ 5/6 ሰዓት ቀይሮ፣ 25ን ለ5/6 አካፍሎ «30» ብሎ ያቆመ ተማሪ ከሚፈለገው ነገር አብዛኛውን አሳይቷል፤ 4 ማርክ ይገባዋል። ዜሮ የተሰጠው እንደሆነ ወረቀቱ ባዶ ካስረከበው ልጅ ወረቀት ጋር እኩል ይሆናል፤ መምህሩም ውጤቱን አይቶ የትኛው ተማሪ የፍጥነትን ትምህርት እንደገና እንደሚያስፈልገው መለየት አይችልም።

ሁለተኛው ስህተት የዚህ ተቃራኒ ሲሆን፣ በእኔ እምነት ከሁሉም የባሰው እርሱ ነው፤ «ምን ለማለት እንደፈለገ ገብቶኛል» ብሎ ባዶውን ቁጥር በተማሪው ፋንታ መሙላት። ሌላ ተማሪ ፍጥነት ማለት ርቀት ሲካፈል ለጊዜ መሆኑን ጽፎ፣ 25 ÷ 50 = 0.5 ብሎ አቆመ እንበል። ቀመሩም ማካፈሉም ትክክል ነው፤ ነገር ግን 0.5 ምንድን ነው? በደቂቃ 0.5 ኪሎ ሜትር ከሆነ እውነት ነው፣ በ60 ሲባዛም 30 ይሆናል፤ በሰዓት 0.5 ኪሎ ሜትር ከሆነ ግን ሚኒባሱ በእግር ከሚሄድ ሰው በብዙ እጥፍ ያነሰ ፍጥነት አለው ማለት ነው። እዚህ የጎደለው አሃድ የጽሑፍ ጉድለት ብቻ ሳይሆን ያልተሠራውን የሰዓት ቅየራ የሸፈነ ጉድለት ነው። ስለዚህ የቀመሩን 2 እና የስሌቱን 1 ሰጥቶ፣ የቅየራውንና የመልሱን 2 ማርክ መያዝ ተገቢ ነው። «30» እና «0.5» ሁለቱም አሃድ ቢጎድላቸውም የመጀመሪያው 4፣ የሁለተኛው 3 የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት አለ፤ አሃድ መኖሩን ብቻ አይቶ ትክክለኛነቱን አለመመርመር። «0.5 ኪሎ ሜትር በሰዓት» ብሎ የጻፈው ልጅ አሃድ ስላስቀመጠ የመጨረሻውን ማርክ ማግኘት የለበትም፤ የጻፈው አሃድ ከሠራው ስሌት ጋር አይገጥምምና።

የማጠቃለያ ዓረፍተ ነገርን በተመለከተ፣ በሁሉም ጥያቄ ላይ በእኩል መጠን መጠየቁ ራሱ ስህተት ነው። በፍጥነቱ ጥያቄ «30 ኪሎ ሜትር በሰዓት» የሚለው ብቻውን በቂ ነው፤ «ስለዚህ የሚኒባሱ አማካይ ፍጥነት…» ተብሎ ባይጻፍም የጎደለ ሒሳብ የለም። ነገር ግን ጥያቄው «130 ተማሪዎችን ለጉብኝት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በአንድ ጉዞ ለመውሰድ ባለ 45 መቀመጫ አውቶቡስ ስንት ያስፈልጋል?» የሚል ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። 130 ለ45 ሲካፈል 2 ደርሶ 40 ይቀራል። «2 ቀሪ 40» ብሎ ያቆመ ተማሪ በትክክል አካፍሏል፣ ጥያቄውን ግን አልመለሰም፤ ለቀሩት 40 ተማሪዎች ሦስተኛ አውቶቡስ እንደሚያስፈልግ የሚታወቀው «3 አውቶቡሶች ያስፈልጋሉ» ሲል ነው። እንዲህ ባለው ጥያቄ ለማጠቃለያው 1 ማርክ መያዝ ትክክል ነው፤ «3 አውቶቡስ» ብሎ በአጭሩ የጻፈም ሙሉውን ማግኘት አለበት።

አንዱን ጉድለት ደጋግሞ መቅጣትም በብዙ ወረቀት ላይ ይታያል። አንድ ጥያቄ ሀ፣ ለ እና ሐ ኖሮት ተማሪው በሦስቱም ላይ «ካሬ ሜትር» ማለትን ከረሳ፣ አንድ ጊዜ ቀንሶ በቀሩት ላይ ምልክት ብቻ ማድረግ ይበቃል። በጥያቄው ወረቀት ላይ ከባዶ ቦታው ቀጥሎ «ብር» ወይም «ኪሎ ሜትር» ተብሎ አስቀድሞ ከታተመ ደግሞ ምንም መቀነስ አይገባም።

በመጨረሻም፣ ለአሃድ ማርክ የሚቀነስ ከሆነ ይህ በፈተናው መመሪያ ላይ መጻፍ፣ ትይዩ ሴክሽኖችን የሚያስተምሩ መምህራንም እርማት ከመጀመራቸው በፊት ሊስማሙበት ይገባል። የተቀነሰውም በመልሱ ጎን «አሃድ −1» ወይም «ማጠቃለያ −1» ተብሎ ይጻፍ እንጂ፣ በትክክለኛው ስሌት ላይ የኤክስ ምልክት አይደረግበት፤ ኤክሱን ያየ ተማሪ ትክክል የነበረውን ቀመር ሰርዞ ሌላ ይሞክራልና።