ከኮምቦልቻ ጅቡቲ በባቡር እንዴት ይኬዳል?

ደሴና ኮምቦልቻ አካባቢ ጅቡቲ ዘመድ ያለው ሰው ብዙ ነው። ስለ ባቡሩ ሲጠይቁኝ መጀመሪያ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ቲኬታችሁ የት ድረስ እንደሚል እዩ።

ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚዘልቀው ሐዲድ 752 ኪሎ ሜትር ነው። በኢትዮጵያ በኩል የመጨረሻው ጣቢያ ደወሌ፣ በጅቡቲ በኩል ደግሞ ናጋድ ነው። ቲኬቱ ላይ መድረሻው ደወሌ ተብሎ ከተጻፈ ድንበሩ ላይ ትቀራላችሁ። ስለዚህ መስኮቱ ጋ ስትደርሱ "እስከ ናጋድ በአንድ ቲኬት ይሆናል? ደወሌ ላይ ባቡር እቀይራለሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። ሁለት ቲኬት ለየብቻ ከገዛችሁና የመጀመሪያው ባቡር ከዘገየ፣ ሁለተኛው ሊያመልጣችሁ ይችላል። ባቡሩ በየቀኑ ላይኖር ስለሚችል ቀኑን ሳታረጋግጡ ከቤት አትውጡ።

ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጋችሁ ወደ አዋሽ ትወርዳላችሁ፤ ከዚያ ባቡሩን ወደምትሳፈሩበት ድሬዳዋ። ይህን በአውቶቡስ ነው የምትሄዱት። ባቡሩ ጠዋት ከሆነ የግድ ድሬዳዋ እደሩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው። አንዲት እናት የያዙት ቲኬት "12/01፣ 08:00" ይላል እንበል። እሳቸው "ስምንት ሰዓት" ብለው ምሳቸውን በልተው ቢመጡ ባቡሩ ከሄደ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። 08:00 በእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ቀኑም በፈረንጅ ነው፤ ጃንዋሪ 12 ማለት ጥር 4። ቲኬቱን እንደገዛችሁ ጀርባው ላይ በእኛ አቆጣጠር ጻፉበት።

ስማችሁ ቲኬቱ ላይ ልክ እንደ ፓስፖርቱ ይጻፍ፤ አንድ ፊደል እንኳ ከተለየ እዚያው አስተካክሉ። ቪዛም ከመነሳታችሁ በፊት ጨርሱ፤ ድንበር ላይ አገኛለሁ ብሎ መሄድ ገንዘብ ማባከን ነው።

ደወሌ ስትደርሱ ለመውጫ ማኅተም ትወርዳላችሁ። ሰልፉ ይረዝማል፤ ሙቀቱም ከወሎ ደጋ ለሚመጣ ሰው ከባድ ነው። ውሃ ያዙ፤ ፓስፖርትና ቲኬቱን ከሻንጣ አውጥታችሁ እጃችሁ ላይ አድርጉ። ሻንጣውን ባቡር ውስጥ ትታችሁ አትውረዱ፤ ሊፈተሽም ይችላል፣ ባቡር መቀየርም ካለ ተመልሶ ማውጣት ጣጣ ነው።

መኮንኑ ፓስፖርቱን ሲመልስላችሁ ከመስኮቱ ሳትርቁ ገልጣችሁ ማኅተሙንና ቀኑን እዩ። የመውጫ ማኅተም ከሌለ ጅቡቲ በኩል ጥያቄ ይነሳል፤ ያኔ ደግሞ ወደ ኋላ መመለሻ ባቡር ላይኖር ይችላል። የጅቡቲ መግቢያ ማኅተም ከዚህ የተለየ ነው። ሁለቱም መኖራቸውን ሳታዩ ፓስፖርቱን ወደ ሻንጣ አትመልሱ።

ናጋድ ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ለታክሲ የጅቡቲ ፍራንክ ያስፈልጋል፤ ዘመድ የሚቀበላችሁ ከሆነም ሰዓቱን በ24 ሰዓት አቆጣጠር ንገሩት።